ጥቁር መስታወት ቤት አያቀዘቅዝም፤ ቴምፐርድም ሌባ አያስቆምም

«ለመኖሪያ ቤት ከቴምፐርድ የተሻለ መስታወት የለም። አይሰበርም፤ ሌባም አይገባበትም። አቅም ካነሰ ባለ 6 ሚሊ ተራ መስታወት ያው ነው። ላሚኔትድ የባንክና የወርቅ ቤት ዕቃ ነው። ትንሽ ሲነኩት ስለሚሰነጠቅ ለቤት ገንዘብ መጣል ነው። ሙቀቱን በተመለከተ ደግሞ ቀለሙ በጠቆረ ቁጥር ቤቱ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ዙሪያውን ጥቁር ቡናማ ያድርጉት።»

ይህን ጽሑፍ ባለፈው ሳምንት ሁለት ደንበኞች ስልካቸው ላይ ይዘውልኝ መጡ። አንደኛዋ ለሙሉ ቤቷ የቡናማ መስታወት ቀብድ ልትከፍል አንድ ቀን ነበር የቀራት። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የአልሙኒየም በርና መስኮት ስገጥም 14 ዓመት ሆኖኛል። ጸሐፊው ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። ገበያው ላይ የሚወራውን ነው የጻፉት። ግን በዚህ ምክር ቤቱን የሚጨርስ ሰው ገንዘቡን ይከስራል፤ ልጅም ሊጎዳበት ይችላል። ስለዚህ በየነጥቡ ልመልስ።

ስለ ቴምፐርድ

ቴምፐርድ ሌላ ዓይነት መስታወት አይደለም። ያው ተራው መስታወት ነው። መጀመሪያ በልኩ ይቆረጣል፤ ጠርዙ ይሞረዳል፤ የእጀታና የማጠፊያ ቀዳዳ ካለውም ይበሳል። ከዚያ ሙቀቱ ከ600 ዲግሪ በላይ የሆነ ምድጃ ውስጥ ይገባል። እንደወጣም በኃይለኛ የአየር ግፊት በቅጽበት ይቀዘቅዛል። ላዩ ቀድሞ ይጠነክራል። ውስጡ ዘግይቶ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ላዩን አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ መስታወቱ ዕድሜውን ሙሉ ላዩ እንደተጨመቀ፣ መሃሉ እንደተወጠረ ይኖራል።

ጥንካሬው የሚመጣው ከዚህ ነው። መስታወት የሚሰበረው ገጹ ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ስትከፈት ነው። የተጨመቀ ገጽ ላይ ደግሞ ጭረት በቀላሉ አይከፈትም። ተመሳሳይ ውፍረት ካለው ተራ መስታወት አራት እጥፍ ገደማ ይጠነክራል። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር እንስማማለን።

ችግሩ ያ ውጥረት ውስጡ ታምቆ መቀመጡ ነው። አንድ ጠንካራና ሹል ነገር የላዩን ሽፋን አልፎ መሃሉን ከነካ፣ መስታወቱ በአንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ይፈረከሳል። ደካማ ጎኑ ደግሞ ጠርዙ ነው። መሃሉን በመዳፍዎ ቢመቱት ምንም አይሆንም። ጠርዙ ላይ ግን አንዲት የተረሳች ቡሎን ጭንቅላት ፍሬሙ ውስጥ ካለች፣ በሩ በነፋስ ሲላተም ሊፈነዳ ይችላል። እኔ ራሴ አንድ የበረንዳ በር ላይ ደርሶብኛል። ሥሩ ያስገባነው የጎማ ማረፊያ ተንሸራቶ መስታወቱ በቀጥታ አልሙኒየሙ ላይ አርፎ ነበር። በሦስተኛው ወር፣ ሰው ሳይነካው፣ ሌሊት ፈረሰ። ባለቤቶቹ ጠዋት ደውለው «ሌባ ገብቶ ነው» ብለው ነበር። ስደርስ ግን ስብርባሪው ሁሉ በሩ ሥር ተከምሮ ነው ያገኘሁት። ማረፊያው ከቦታው ሁለት ጣት ያህል ርቋል።

አልፎ አልፎ ደግሞ ገጣሚው ምንም ሳያጠፋ ይፈነዳል። መስታወቱ ሲመረት በዓይን የማትታይ የኒኬል ሰልፋይድ ቅንጣት ውስጡ ልትቀር ትችላለች። ቅንጣቷ በዓመታት ውስጥ ቀስ ብላ ትሰፋለች። በተወጠረው መሃል ላይ ካለች አንድ ቀን መስታወቱን ታፈርሰዋለች። ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። ግን «አይሰበርም» ብሎ ለሰው መናገር ትክክል አይደለም።

ታዲያ ለምን የደኅንነት መስታወት ይባላል? በአሰባበሩ ነው። የመኪና የጎን መስታወት ሲሰበር አይታችኋል። መሬት ላይ እንደ ጨው ድንጋይ ፍሬ ተበትኖ ይቀራል። ፍሬዎቹ ትንንሽና ደነዝ ስለሆኑ ቢጭሩም ብዙ ጊዜ የደም ስር አይቆርጡም። የቴምፐርድ ዋጋው ይህ ነው። ሰው ተላትሞ ሊሰብረው በሚችልበት ቦታ፣ በሰው ላይ እንደ ቢላ እንዳይወርድ።

ሌባን በተመለከተ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። የተሰበረ ቴምፐርድ ሙሉ በሙሉ ከፍሬሙ ይወርዳል። ተራ መስታወት እንኳ ሲሰበር ፍሬሙ ላይ ሹል ስባሪ ይቀራል፤ የሚገባው ሰው ይጠነቀቃል። ቴምፐርድ ሲሰበር ግን የተከፈተ በር ነው የሚሆነው። ሌባ የፈራ ሰው ቴምፐርድ ገዝቶ ፍርግርግ ብረቱን ካስቀረ፣ ቤቱን ከበፊቱ አጋልጦታል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ገበያችን ውስጥ ስለሚያስፈልግ ነው። ቴምፐርድ ከምድጃ ከወጣ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም። መቁረጫ ሲነካው ይፈርሳል። ስለዚህ ሠራተኛው ቤት ድረስ አምጥቶ «ትንሽ ሰፍቷል፤ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ» ብሎ በመቁረጫ ከሸረፈው፣ የተከፈለበት ዕቃ ቴምፐርድ አይደለም። እዚያው ላይ አስቁሙት። ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ የፋብሪካ ማኅተም አለው። ማኅተሙ መስታወቱ ላይ የታተመ ስለሆነ በጥፍር ቢፋቅ አይለቅም። የሚላጥ ወረቀት ከሆነ ማረጋገጫ አይደለም። ፖላራይዝድ የፀሐይ መነፅር ያለው ሰው ደግሞ መነፅሩን አድርጎ መስታወቱን በሰማይ ብርሃን አዘንብሎ ይመልከት። ቴምፐርድ ላይ ነጠብጣብ ወይም ሸንተረር የመሰለ ጥላ ይታያል። ተራው ላይ አይታይም።

ስለማይቆረጥም ልኩ የሚወሰደው ፍሬሙ ግድግዳው ላይ ከታሰረ በኋላ ነው። ስፋቱም ቁመቱም በሦስት በሦስት ቦታ ይለካል። ትንሹ ልክ ይወሰድና በየጎኑ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ክፍተት ይተዋል። ከፕላን ላይ ልክ ወስዶ ቴምፐርድ የሚያዝ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለቴ ይከፍላል።

ስለ ባለ 6 ተራ መስታወት

እዚህ ላይ ነው ጽሑፉ በጣም ያሳሰበኝ።

መስታወት ለአንድ ካሬ በየአንድ ሚሊው 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 4 መስታወት በካሬ 10 ኪሎ ነው። ባለ 6 በካሬ 15 ኪሎ ነው። ከላይ እስከ ታች መስታወት የሆነ፣ አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ የበረንዳ በር በባለ 6 ከተሠራ መስታወቱ ብቻ 30 ኪሎ ይሆናል። መወፈሩ ንፋስ እንዳያንቀጠቅጠውና እንዳይለምጠው ይረዳል። የአሰባበሩን ባሕርይ ግን አይለውጠውም። ተራ መስታወት ቢወፍርም ሲሰበር በረጃጅም ሹል ስባሪ ነው። ከወፈረ ደግሞ ስባሪው ይከብዳል። ሰው እጁን አስቀድሞ ከተላተመው፣ እጁ በቀዳዳው ያልፋል፤ ከላይ የቀረው ስባሪ ደግሞ በክብደቱ ይወርዳል። የብብትና የክንድ ቁስል የሚመጣው እንደዚህ ነው።

የእህቴ ልጅ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ይህ ደርሶበታል። የሳሎኑ በር ክፍት መስሎት ከበረንዳ እየሮጠ ገባ። በሩ ተዘግቶ ነበር። መስታወቱ ባለ 6 ተራ ነበር፤ «ወፍራም ስለሆነ አትስጉ» ተብሎ የተሸጠ። ልጁ ክንዱ ላይ 11 ቦታ ተሰፋ። ዛሬ ደህና ነው። ጠባሳው ግን ከክርኑ በታች እስከ አንጓው አለ። ተራ መስታወት በር ላይ ግጠሙልኝ ሲሉኝ እምቢ የምለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ይህ ማለት ተራ መስታወት ቤት ውስጥ አይግባ ማለት አይደለም። ብዙው መስኮት ላይ በቂ ነው። ልዩነቱ ቦታው ነው። የእንግሊዝ አገር የግንባታ መመሪያ ቀላል መለኪያ አለው። እኔም የምሠራበት በዚያ ነው። በር ላይ ያለ መስታወት፣ እንዲሁም ከበሩ ጎን በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያለ መስታወት፣ ከወለል እስከ 1.5 ሜትር ከፍታ ድረስ የደኅንነት መስታወት መሆን አለበት። መስኮት ላይ ደግሞ ከወለል 80 ሴንቲ ሜትር በታች የሚወርደው ክፍል ሁሉ። በዚህ ላይ መታጠቢያ ቤትንና የደረጃ ሥርን እጨምራለሁ፤ ሰው የሚንሸራተተው እዚያ ነውና። ከዚህ ውጭ ያለው፣ ለምሳሌ ወገብ ላይ የሚጀምር የመኝታ ቤት መስኮት፣ መጠኑ ካልገነነ ባለ 4 ወይም ባለ 5 ተራ ይበቃዋል። እዚያ ላይ ቴምፐርድ የሚያስገባ ሰው የሚከፍለው ለማይደርስ ጉዳት ነው።

ስለ ላሚኔትድ

ጸሐፊው አንድ እውነት ይዘዋል። ላሚኔትድ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ተራ መስታወት በሚሰነጠቅበት ምት ይሰነጠቃል፤ ምክንያቱም የተሠራው ከሁለት ተራ መስታወቶች ነው። በመሃላቸው ስስ ግልጽ ፕላስቲክ አለ። በሙቀትና በግፊት ይጣበቃሉ። ገበያ ላይ 6.38 ሲባል የምትሰሙት ሁለት ባለ 3 መስታወትና 0.38 ሚሊ ፕላስቲክ ነው።

ግን መሰንጠቅና መውደቅ ይለያያሉ። የመኪናችሁን የፊት መስታወት አስቡት። ጠጠር ሲመታው እንደ ሸረሪት ድር ይሆናል፤ ከቦታው ግን አይወርድም። ሾፌሩ በዚያው ነድቶ ቤቱ ይገባል። የጎኑ መስታወት ቴምፐርድ የሚሆነው፣ የፊቱ ላሚኔትድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ቤትም ውስጥ እንደዚያው ነው። ላሚኔትድ መስኮት ሲመታ ስባሪው ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ዝናቡም ሌባውም ውጭ ይቆያሉ። ሊገባ የሚፈልግ ሰው ደጋግሞ መምታትና ፕላስቲኩን መቅደድ አለበት። ጊዜ ይወስዳል፤ ድምፁም ጎረቤት ይቀሰቅሳል። እንግዲህ የሌባው ነጥብ የሚገባው ለላሚኔትድ ነበር።

ለላሚኔትድ ምትክ የማላገኝባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ከራስ በላይ ያለ መስታወት ነው፤ የደረጃ ቤት ጣሪያ፣ የበረንዳ ክዳን። እዚያ ላይ ቴምፐርድ ቢሰበር ፍሬው ተያይዞ በጭብጥ በጭብጥ ይወርዳል። ከሦስት ሜትር ከፍታ ራስ ላይ ሲያርፍ ደነዝነቱ አያድንም። ሁለተኛው የፎቅ በረንዳ መደገፊያ ነው። መስታወቱ ሲሰበር ሙሉ በሙሉ ከወረደ ተደግፎበት የነበረው ሰው የሚይዘው የለም። ለመደገፊያ የሚሻለው ሁለት ቴምፐርድ ተጣብቀው የተሠራው ላሚኔትድ ነው። እንዲሁ በአንድ ቴምፐርድ የተሠራ የፎቅ በረንዳ ሳይ ልቤ አይረጋም።

ሌላም ጥቅም አለው፤ ጽሑፉ ጨርሶ አላነሳውም። በመሃል ያለው ፕላስቲክ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያስቀራል። መጋረጃና የሶፋ ጨርቅ በፍጥነት እንዲደበዝዝ ከሚያደርጉት ዋናው ይህ ጨረር ነው። የመንገድ ድምፅንም ከተራው ይልቅ ይቀንሳል።

እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ጠርዙን ከጎን ይዩት። መሃል ላይ አንድ ስስ መስመር አለ። ድክመቱም ያለው እዚያው ጠርዙ ላይ ነው። ውኃ ለወራት ከተኛበት ፕላስቲኩ ከመስታወቱ ይላቀቃል። ጠርዙ ላይ ነጭ ደመና ወይም አረፋ ይታያል። ሲሰፋ ዳሩን እየበላ ወደ መሃል ይሄዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ሌባን ፈርታችሁ ሙሉ ቤቱን ላሚኔትድ ካደረጋችሁና ፍርግርጉንም ከበየዳችሁ፣ እሳት ቢነሳ ሰብራችሁ አትወጡም። በየመኝታ ክፍሉ ቢያንስ አንድ መስኮት ከውስጥ የሚከፈት ፍርግርግ ይኑረው። ቁልፉም እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ልጅ እንኳ በሚያውቀው ቦታ ይሰቀል።

ስለ ቀለሙና ስለ ሙቀቱ

ይህ ረዘም ይላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ከፀሐይ የሚመጣው ጉልበት ግማሽ ያህሉ ለዓይን አይታይም። ዓይን የማያየው ጨረር ነው። ስለዚህ መስታወቱ ጠቆረ ማለት የሚታየውን ብርሃን ቀነሰ ማለት ነው። የማይታየውን ምን ያህል እንደቀነሰ ዓይናችን ሊነግረን አይችልም።

በቁጥር እንየው። ባለ 6 ተራ መስታወት ከሚያርፍበት የፀሐይ ሙቀት ከመቶ 82 ያህሉን ወደ ቤት ያስገባል። ብርሃኑን ከመቶ 88 ያህል። ባለ 6 ቡናማ ሙቀቱን ከመቶ 62 ያህል፣ ብርሃኑን ከመቶ 53 ያህል ያስገባል። ግራጫው ሙቀቱን 60 ገደማ፣ ብርሃኑን 45 ገደማ ነው። አረንጓዴው ደግሞ ሙቀቱን 60 ገደማ፣ ብርሃኑን ግን 75 ገደማ ያስገባል። ከፋብሪካ ፋብሪካ ትንሽ ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይኸው ነው። አረንጓዴውና ግራጫው በሙቀት እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። በብርሃን ግን አይገናኙም። ግራጫውን የመረጠ ሰው ሌላ ቅዝቃዜ አላገኘም፤ ያገኘው ጨለማ ብቻ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መብራት አብርቶ የሚቀመጥ ሳሎን በየሰፈሩ አለ።

ባለቀለም መስታወት የሚሠራው ሙቀቱን ራሱ ውጦ ነው። ስለዚህ ይግላል። የከሰዓት ፀሐይ ላይ እጃችሁን አሳርፉበት፤ ይገባችኋል። የዋጠውን ሙቀት ከፊሉን ወደ ውጭ፣ ከፊሉን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ላይ ይሰማዋል። ላዩ እንደ ፊት ማያ መስታወት የሚያንጸባርቀው ሪፍሌክቲቭ ከፊሉን ሙቀት ገና ከውጭ ስለሚመልሰው ከቡናማው ይሻላል። ግን አንዳንድ ሰው የሚገዛው ውስጡ እንዳይታይ ነው። ቀን ላይ ልክ ነው። ማታ ውጭው ጨልሞ ውስጥ መብራት ሲበራ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከመንገድ ሁሉም ነገር ይታያል። መጋረጃው መቅረት የለበትም።

ወደ እህቴ ቤት ልመለስ። ጂ ፕላስ ዋን ቤት ነው። ሳሎኑ ወደ ምዕራብ የሚያይ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል መስኮት አለው። ሦስት ካሬ ማለት ነው። ታችኛው ጠርዙ ከወለል 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ይጀምራል። የበሩ አደጋ ከመድረሱ በፊት፣ «ቤቱ ጋለ» ብላ ባለ 6 ጥቁር ቡናማ አስገብታ ነበር።

በመጋቢት ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ በአንድ ካሬ መስኮት ላይ 600 ዋት ቢያርፍ ብለን እናስላ። በሦስት ካሬ 1,800 ዋት ይሆናል። በተራው መስታወት 1,480 ዋት ገደማ ይገባል። በቡናማው 1,120 ገደማ። ልዩነቱ 360 ዋት ነው። ቀነሰ፣ እውነት ነው። ግን ከ1,000 ዋት በላይ የሆነ ማሞቂያ አሁንም ሳሎኑ መሃል በርቷል። እህቴ «መስታወቱን ለውጬ ለምን ይግላል?» ያለችው ለዚህ ነው።

ዘዴው ፀሐይዋን መስታወቱ ጋ ሳትደርስ ማስቀረት ነው። እዚህ ላይ አቅጣጫ ወሳኝ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ትላለች። ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ላይ 60 ሴንቲ ሜትር የወጣ ታዛ፣ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ በጣም በምታዘነብልበት በታኅሣሥ እንኳ እኩለ ቀን ላይ ከ90 ሴንቲ ሜትር በላይ ጥላ ይጥላል። ለሰሜን መስኮት በሰኔ ከሁለት ሜትር ያልፋል። ስለዚህ የሰሜንና የደቡብ መስኮት ታዛ ካለው ቀለም አያስፈልገውም። የምዕራቡ ግን ሌላ ነው። በመጋቢት 11 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ከ20 ዲግሪ ብዙም አትርቅም። ያው ታዛ የሚጥለው ጥላ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። መስኮቱ እስከ ታች ፀሐይ ይጠጣል። እዚያ የሚረዳው ከውጭ የሚወርድ ነገር ነው፤ ዛፍ፣ ቋሚ ሸምበቆ፣ የቀርከሃ መጋረጃ። ከውስጥ ያለው መጋረጃ ፀሐዩ አንዴ ከገባ በኋላ ነው የሚይዘው፤ አብዛኛው ሙቀት ቤት ውስጥ ይቀራል።

ደግሞ አዲስ አበባ ነው ያለነው። ቤቱ በየካቲትና በመጋቢት ከሰዓት ቢያስቸግር፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። ጠዋት በምሥራቅ መስኮት የሚገባው ፀሐይ ያኔ በረከት ነው። ዙሪያውን ቡናማ ያደረገ ሰው ያንን ሩቡን ቆርጦ ጥሎታል። በዚያ ላይ ነጠላ መስታወት ሌሊት ሙቀት በማስወጣት ረገድ ተራ ሆነ፣ ቀለም ሆነ፣ ቴምፐርድ ሆነ፣ ላሚኔትድ ሆነ፣ ልዩነት የለውም። ለዚያ የሚረዳው በመሃሉ አየር ያለው ድርብ መስታወት ነው። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ለሚሠራ ሰው ምክሬ ይለያል። እዚያ አረንጓዴ ወይም ሪፍሌክቲቭ ለምሥራቅና ለምዕራብ መስኮት ተገቢ ነው፤ የውጭ ጥላውን ተክቶ ሳይሆን ከጥላው ጋር።

የእህቴ ቡናማ መስታወት መጨረሻው አላማረም። በአንድ የየካቲት ከሰዓት፣ ቤት ውስጥ ሰው ሳይኖር ተሰነጠቀ። የሸጠላት ቤት ባለሙያ መጥቶ ራቅ ብሎ አየና «እትዬ፣ ልጆች በኳስ መትተውት ነው» አላት። ቀርቤ አየሁት። በኳስ የተመታ መስታወት ስንጥቁ ከአንድ ነጥብ ተነስቶ እንደ ጨረር ወደ ዙሪያው ይበተናል። ይህ ግን አንድ ስንጥቅ ብቻ ነበር። ከጎን ጠርዙ በቀጥታ፣ ልክ በማዕዘን መለኪያ እንደተሰመረ ሆኖ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ገብቷል። ከዚያ በኋላ ነው እየተጠማዘዘ የሄደው። ይህ የሙቀት ስንጥቅ ነው። መስኮቱ ግማሹ የበረንዳው ኮለን ጥላ ላይ ነበር፤ ግማሹ ፀሐይ ላይ። ጠርዙ ደግሞ ጎማው ውስጥ ተሸፍኖ ቀዝቅዟል። መሃሉ ግሎ ሊሰፋ ሲል ቀዝቃዛው ጠርዝ አልለቀውም። ተራ መስታወት በአንድ ገጹ ላይ 40 ዲግሪ ያህል ልዩነት ሲፈጠር አደጋ ውስጥ ይገባል። ጠርዙ ሳይሞረድ እንደተቆረጠ ከገባ ደግሞ ከዚያም በፊት። ቀለሙ በጠቆረ ቁጥር ሙቀት ስለሚውጥ አደጋው ይብሳል። ስለዚህ ፀሐይ ላይ የሚውል ሰፊ ባለቀለም መስታወት ቴምፐርድ መሆን አለበት። ቴምፐርድ 200 ዲግሪ ገደማ ልዩነት ይችላል። ጸሐፊው ቴምፐርድንም ቀለሙንም አወድሰው ይህን አንድ ግንኙነት አልነገሩንም።

በመጨረሻ ምን አደረግን

የበረንዳውን በር በባለ 6 ቴምፐርድ ቀየርነው። ልጆች ክፍት እንዳይመስላቸው፣ አንዱ በልጅ ዓይን ቁመት፣ ሌላው በአዋቂ ቁመት፣ ሁለት ደብዛዛ መስመር ለጠፍንበት። የመታጠቢያ ቤቱ መከለያም ቴምፐርድ ሆነ። ፍርግርግ ያላቸውና ወገብ ላይ የሚጀምሩት የመኝታ ቤት መስኮቶች ባለ 4 ተራ ሆነው እንዳሉ ቀሩ፤ አንድ ብር አላወጣንባቸውም። የደረጃ ቤቱ ጣሪያ 6.38 ላሚኔትድ ሆነ።

የምዕራቡ የሳሎን መስኮት ላይ ትንሽ ተከራከርን። እህቴ አረንጓዴ ቴምፐርድ ፈለገች። መስኮቱ ግን ከወለል 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ስለሚጀምር የደኅንነት መስታወት ያስፈልገዋል፤ ወደ መንገድ ስለሚያይና ፍርግርግ ስለሌለው ሌባም ያሰጋል፤ አዲሱ ሶፋዋ ደግሞ ፀሐይ ላይ ነው ያለው። ሦስቱንም የሚመልሰው ቀለም የሌለው ላሚኔትድ ነበር። ሙቀቱን ለቀርከሃ መጋረጃ ተውንለት። ከበረንዳው ጣሪያ ላይ፣ ከመስታወቱ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ተሰቀለ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይወርዳል፤ ክረምት ሲገባ ይጠቀለላል።

ሲገጠም እኔ ራሴ ቆሜ ነበር። ሠራተኛው ያመጣው ሲሊኮን ሲከፈት የአቼቶ ሽታ ነበረው። አስመለስኩት። እንዲህ የሚሸተው አሲድ የሚለቅ ዓይነት ነው፤ የላሚኔትድን መሃል ፕላስቲክ ከጠርዙ ጀምሮ ሊጎዳው ይችላል። የማይሸተው፣ ላዩ ላይ «ኒውትራል» የሚለው ነው የሚሆነው። የፍሬሙ ሥር ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎችም በሽቦ ከፈትናቸው፤ ሦስቱም በሲሚንቶ ተደፍነው ነበር። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጥቅምት ሄጄ የታችኛውን ጠርዝ በእጅ ባትሪ አየሁት። ነጭ ደመናም አረፋም የለውም።